ሁለት ምርጫ ሲቀርህ የምትሳሳተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ፍኖተ ሰላም አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ለማስተርስ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ሒሳቡ ደህና ነው። አንድ ክርክር ሰጥተው አጠናክረው፣ አዳክመው ወይም ታሳቢውን አግኝ የሚሉት፣ ስትረንግዝን፣ ዊክንና አሰምፕሽን የሚባሉት ጥያቄዎች ግን አስቸገሩኝ። ሁሌ ሁለት ምርጫ ይቀረኝና የተሳሳተውን እመርጣለሁ። የተደበቀውን ነገር እንዴት ነው የማገኘው?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሦስቱን ለየብቻ ማጥናቱን ተው። ሥራው አንድ ነው። በክርክሩ ማስረጃና ድምዳሜ መካከል ያለውን ክፍተት ታገኛለህ፣ ከዚያ ጥያቄው የሚልህን ታደርጋለህ። አሰምፕሽን ክፍተቱን ስሙን ጥራው ይልሃል፣ ስትረንግዝን ድፈነው ይልሃል፣ ዊክን ደግሞ ክፈተው ይልሃል። ክፍተቱን ሳታገኝ ምርጫዎቹን ማንበብ ከጀመርክ አምስቱም ትክክል ይመስሉሃል፤ ሁለት የሚቀሩህም ለዚህ ነው።

ልጅ ሆኜ ቢቸና አካባቢ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው የከብት ጉዳት ሲዳኙ አይ ነበር። ከሳሹ ይነሳና እንዲህ ይላል፤ «ትናንት ሌሊት ገብሴ ተበላ። የእሱ በሬ ደግሞ ከበረት ወጥቶ ነው ያደረው። ስለዚህ ገብሴን የበላው የእሱ በሬ ነው፣ ይካሰኝ።» ሽማግሌዎቹ ገብሱ ተበልቷል ወይ ብለው አይከራከሩም፤ ሄደው አይተውታል። በሬው መውጣቱንም ባለቤቱ አምኗል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ሌሊቱን ሌላ የወጣ ከብት የለም?»

ክፍተቱ ይኸው ነው። ከሳሹ «ሌላ ከብት አልበላውም» ብሎ አልተናገረም፣ ግን ይህን ካልተቀበልክለት ክሱ አይቆምም። ያልተነገረው ግን የግድ የሚያስፈልገው ይህ ነገር ነው ታሳቢ ወይም አሰምፕሽን የሚባለው። አንድ ጎረቤት ተነስቶ «እኔ ጎህ ሲቀድ በገብሱ ውስጥ የእገሌን በቅሎ አይቻለሁ» ካለ ክሱ ተዳከመ። ሌላው ደግሞ «የበሬው ዱካ ከበረቱ ደጃፍ እስከ ገብሱ መሀል ድረስ ይታያል» ካለ ክሱ ተጠናከረ። ሁለቱም ምስክሮች የተናገሩት ስለዚያችው ስለ አንዷ ክፍተት ነው።

ልብ በል፣ በቅሎዋ ታየች ማለት በሬው አልበላም ማለት አይደለም። ሁለቱም በልተው ሊሆን ይችላል። ማዳከም ማለት ማፍረስ አይደለም፤ ድምዳሜውን ከቅድሙ ባነሰ እምነት እንድትቀበለው ካደረገህ በቂ ነው። ብዙ ተማሪ ትክክለኛውን ምርጫ «ይሄ እኮ ሙሉ በሙሉ አያፈርሰውም» ብሎ ይጥለዋል። ማጠናከርም እንደዚያው ነው፣ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም።

አሁን ወደ አንተው ሙያ፣ አሲዳማ አፈር ላይ ወደሚበተነው ኖራ እንምጣ። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፣ ምክንያቱን በኋላ ታየዋለህ። ይህን እኔ የጻፍኩትን ክርክር አንብብ፤ ቁጥሮቹም ለምሳሌ ያህል ያስገባኋቸው ናቸው።

«በአንድ ቀበሌ አምና ማሳቸው ላይ ኖራ የበተኑ አርሶ አደሮች በሄክታር በአማካይ 32 ኩንታል ስንዴ አገኙ። በዚያው ቀበሌ ኖራ ያልበተኑት ያገኙት በአማካይ 20 ኩንታል ነው። ስለዚህ ያልበተኑትም ኖራ ቢበትኑ ምርታቸው ይጨምራል።»

መጀመሪያ ድምዳሜውን ለይ። እዚህ «ስለዚህ» የሚል ምልክት ስላለ ቀላል ነው። ፈተናው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ድምዳሜው መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ ወይም መሀል ላይ ይቀበራል። ግራ ከገባህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ውሰድና በመካከላቸው «ስለዚህ» አስገባ። «32 ኩንታል አገኙ፣ ስለዚህ ሌሎቹም ቢበትኑ ይጨምራል» ያስኬዳል። «ሌሎቹም ቢበትኑ ይጨምራል፣ ስለዚህ እነዚህ 32 አገኙ» አያስኬድም። ከ«ስለዚህ» በኋላ የሚቀመጠው ድምዳሜው ነው።

ቀጥለህ ድምዳሜው ውስጥ ኖሮ ማስረጃው ውስጥ የሌለውን ነገር ፈልግ። ይህ የሥራው ሁሉ ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ቸኩለህ አትለፈው። ማስረጃው የሚያወራው አምና ስለሆነው ነገር ነው፤ ሁለት ቡድን አለ፣ በመካከላቸው የ12 ኩንታል ልዩነት አለ፣ አለቀ። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አንድም ቃል አልተነገረም። ድምዳሜው ግን ሁለት አዲስ ነገር አስገብቷል። አንደኛ፣ ጭማሪውን ያመጣው ኖራው ነው ብሎ ይዟል። ሁለተኛ፣ በእነዚያ ማሳ የሠራው በእነዚህም ማሳ ይሠራል ብሎ ይዟል። ክፍተቱ እዚህ ነው። ምርጫዎቹን ሳታይ በራስህ አማርኛ ጻፈው፤ «ልዩነቱን ኖራው ባያመጣውስ? የእነዚህ መሬት ከእነዚያ የተለየ ቢሆንስ?» ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክፍተቱን በምታስብበት ቋንቋ መያዝ ይሻላል፣ እኔ ተማሪዎቼን እንደዚያ ነው የማሠራቸው።

አሁን ጥያቄው «ክርክሩ የተመሠረተበት ታሳቢ የትኛው ነው?» ቢል እና ምርጫዎቹ እነዚህ ቢሆኑስ?

ሀ. ኖራ ለስንዴ ከማንኛውም ማዳበሪያ የበለጠ ይጠቅማል።
ለ. የምርቱ ልዩነት ሙሉ በሙሉ የመጣው ኖራ የበተኑት ከተጠቀሙት የተሻለ ዘር አይደለም።
ሐ. ያልበተኑት ሰዎች ማሳ ሁሉ ከበተኑት ማሳ ጋር እኩል አሲዳማ ነው።
መ. የኖራ ዋጋ ለአብዛኛው አርሶ አደር የሚቻል ነው።

የግብርና ባለሙያ «መ»ን ሲያይ እጁ ይሄዳል። በሥራህ የምታየው ችግር ስለሆነ እውነት ይመስልሃል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን ድምዳሜውን እንደገና አንብበው። «ቢበትኑ» ነው የሚለው። ይበትናሉ አላለም፣ መበተን ይችላሉም አላለም። ዋጋው ሰማይ ቢነካ እንኳ «ቢበትኑ ይጨምራል» የሚለው አይነካም። ሁለት ምርጫ ሲቀርህ የምትሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ይመስለኛል፤ ክርክሩ ያላለውን፣ አንተ ግን በሥራህ የምታውቀውን ድምዳሜ ትመልሳለህ። የማታውቀው ርዕስ ቢሆን ኖሮ እዚህ አትሳሳትም ነበር፤ ኖራውን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

«ሀ» ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ኖራ ከማዳበሪያ ቢያንስም ምርት መጨመሩን የሚከለክለው የለም።

«ለ» እና «ሐ» ቀሩ። እዚህ ላይ ነው የማፍረስ ሙከራ የሚመጣው። ምርጫውን ታፈርሰዋለህ፣ ከዚያ ክርክሩ ይቆማል ወይ ብለህ ታያለህ። ምርጫው ሲፈርስ ክርክሩም አብሮ ከወደቀ፣ ክርክሩ የቆመው በእሱ ላይ ነበር ማለት ነው።

ግን አፈራረሱ ላይ አማርኛችን ያሳስተናል፣ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ነው። «ሁሉም ተማሪዎች መጡ» የሚለውን አፍርስ ስለው ተማሪው «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ይለኛል። ይህንን ስትሰማው ማንም ያልመጣ ነው የሚመስለው። የሚፈለገው ግን ያ አይደለም። አንድ ተማሪ ብቻ ቢቀርም «ሁሉም መጡ» የሚለው ውሸት ሆኗል። ስለዚህ ግሱ ላይ «አል» ከመጨመር ይልቅ መጨረሻው ላይ «ማለት ውሸት ነው» የሚል ቀጥል። «ሁሉም መጡ ማለት ውሸት ነው።» ይህ ቢያንስ አንድ ሰው ቀርቷል ማለት ብቻ ነው። «አንዳንዶች መጡ ማለት ውሸት ነው» ስትል ደግሞ ማንም አልመጣም ማለት ይሆናል። ይህችን ሐረግ ከያዝክ አትስትም።

«ሐ»ን በዚህ አፍርሰው፤ «ያልበተኑት ሰዎች ማሳ ሁሉ እኩል አሲዳማ ነው ማለት ውሸት ነው።» ታዲያ ምን ሆነ? ምናልባት የአንዱ ገበሬ ማሳ ትንሽ ቀለል ያለ አሲድ ይኖረዋል። የሌሎቹ ማሳ አሁንም ኖራ ሊቀበል ይችላል። ክርክሩ አልወደቀም። «ሁሉ» እና «እኩል» የሚሉት ቃላት ናቸው ምርጫውን ያበላሹት፤ ሐሳቡ ከክፍተቱ ጋር ይገናኛል፣ መጠኑ ግን ከልክ አልፏል። «ያልበተኑት ማሳዎች ለኖራ ምላሽ የማይሰጡ አይደሉም» ቢል ኖሮ ትክክል ይሆን ነበር።

«ለ»ን አፍርሰው፤ «ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ከዘሩ የመጣ አይደለም ማለት ውሸት ነው።» እንግዲህ 12 ኩንታሉ በሙሉ የዘሩ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ስለ ኖራ ምን ማስረጃ ቀረን? ምንም። ክርክሩ ወደቀ፣ መልሱ «ለ» ነው።

አሁን «ግን መምህር፣ ኖራ አሲዳማ አፈር ላይ ምርት እንደሚጨምር እኮ እኔ በማሳ አይቻለሁ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ። ጎጃም ደጋ ላይ አፈሩ አሲድ ሲሆን ፎስፈረሱ እንደሚታሰር፣ አሉሚኒየሙ ሥሩን እንደሚጎዳ፣ ኖራ ያንን እንደሚያቃልል ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ፈተናው ግን ኖራ ይሠራል ወይ ብሎ አልጠየቀህም። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያንን ድምዳሜ ይሸከማሉ ወይ ብሎ ነው የጠየቀህ። እውነት የሆነ ድምዳሜ በደካማ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል። የገብሱ ሽማግሌም በሬው ሌባ መሆኑን በልቡ ቢያውቅ እንኳ ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም።

ያንኑ ክርክር ይዘን ጥያቄው ወደ ማዳከም ይቀየር። እዚህ አንድ ነገር ይለወጣል። የዊክንና የስትረንግዝን ጥያቄ «እውነት ቢሆን» የሚል ቃል ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ምርጫው አዲስ መረጃ ቢያመጣም፣ ባታምነውም፣ እውነት ነው ብለህ ተቀበለውና ወደ ክፍተቱ ውሰደው። ለምሳሌ «ኖራ የበተኑት አብዛኞቹ በዚያው ዓመት ምርጥ ዘር ዘርተው ነበር፣ ያልበተኑት ግን የቆየ ዘራቸውን ነው የዘሩት» የሚል ቢመጣ በቅሎዋ ታየች ማለት ነው፤ ለልዩነቱ ሌላ ምክንያት ተገኘ። ይዳከማል።

«በጎረቤት ቀበሌ ኖራ የበተኑት ምርታቸው የጨመረው በሄክታር በ2 ኩንታል ብቻ ነው» የሚልስ? ይህ ክፉ ወጥመድ ነው። 12 ከጠበቅክ በኋላ 2 ስትሰማ ዜናው መጥፎ ይመስላል። ድምዳሜው ግን «በ12 ይጨምራል» አላለም፣ «ይጨምራል» ብቻ ነው ያለው። 2 ኩንታልም ጭማሪ ነው፣ እንዲያውም በትንሹ ይደግፈዋል። «ብቻ» የምትለው ቃል ናት ያታለለችህ።

ለማጠናከር ስትመጣ ደግሞ «ኖራው ከመበተኑ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የሁለቱ ቡድኖች ምርት ተቀራራቢ ነበር» የሚለውን ዓይነት ፈልግ። ይህ ለምን ጠቃሚ ሆነ? የበተኑት ሰዎች ድሮም ጎበዝ ገበሬዎች ወይም ለም መሬት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ የሚለውን ጥርጣሬ ስለሚያርቅ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ቀድሞ የሚሞክረው ብዙ ጊዜ በሌላውም የሚበረታው ገበሬ መሆኑን አንተ አታጣውም። በተቃራኒው «የበተኑት ገበሬዎች በውጤቱ ተደስተዋል፣ ዘንድሮም ሊበትኑ አስበዋል» የሚለው ምርጫ ደስ ይላል ግን ባዶ ነው። 32 ኩንታል ማግኘታቸውን ቀድሞ ሰምተናል፤ መደሰታቸው ምርቱን ኖራው እንዳመጣው አይነግረንም። ማስረጃውን በሌላ ልብስ መልሶ የሚያመጣ ምርጫ ክፍተቱን አይነካም።

የምክንያት ክፍተት ብቻ አይደለም የሚመጣው። አንድ ሌላ በጣም የሚደጋገም አለ፣ በአጭሩ ልንገርህ። «ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ከሚደርሰው አደጋ አብዛኛው በቀን የሚደርስ ነው፣ ስለዚህ በሌሊት መጓዝ ይሻላል» ቢል፣ ማስረጃው የሚያወራው ስለ ብዛት ነው፣ ድምዳሜው ግን ስለ አስጊነት። በቀን የሚሄደው መኪና እጅግ የበዛ ከሆነ አደጋው በቁጥር መብዛቱ ምንም አያስገርምም፤ ማወቅ ያለብን ከተጓዙት መኪኖች ስንቱ ተጋጨ የሚለውን ነው። አካሄዱ ከኖራው ጋር አንድ ነው፤ ድምዳሜው ውስጥ ያለ፣ ማስረጃው ውስጥ የሌለ ቃል ፈለግን፣ እሱም «ይሻላል» የሚለው ሆነ።

የማፍረስ ሙከራው ወሰን እንዳለውም እወቅ። የሚሠራው ጥያቄው «የግድ የሚያስፈልገውን» ታሳቢ ሲጠይቅህ ብቻ ነው። ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ እንደሚሰጠው እንደ ኤልሳት ያሉ ፈተናዎች ላይ «ይህ ቢታሰብ ድምዳሜው የግድ ይከተላል» የሚል ሌላ ዓይነት አለ። እዚያ የሚፈለገው ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ነው፣ ስለዚህ «ሁሉ» እና «ብቻ» የሚሉት ጠንካራ ቃላት እዚያ ጠላት ሳይሆኑ ወዳጅ ናቸው። በገብሱ ክስ ብትወስደው «ገብሱን የበላው ከብት ነው፣ ያን ሌሊት ከበረቱ የወጣ ከብት ደግሞ የእሱ በሬ ብቻ ነበር፣ ውጭ ያደረ ሌላም አልነበረም» ማለት ነው። ይህ ከተሰጠህ ክሱ ተዘጋ፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ለአንተ ፈተና መጀመሪያ የግድ የሚያስፈልገውን ዓይነት በደንብ ያዝ፣ ይህን በኋላ ታየዋለህ።

ስለ ጊዜ ጠይቀህ ባትሆንም ሳልነግርህ አልቀርም። ለቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ በሚሰጠው በጂማት፣ ቨርባል የሚባለው የቋንቋ ክፍል 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሰው ይህን ሲያይ ክርክሩን በሩጫ አንብቦ ምርጫዎቹ ላይ ይቆያል። ገልብጠው። ክርክሩ ላይ ቆይተህ ክፍተቱን ከያዝክ አብዛኛው ምርጫ አንዴ ታይቶ ይወድቃል።

ልምምዱን ለጊዜው ያለ ሰዓት ጀምረው። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍን፣ ክርክሩን አንብብ፣ ከሥሩ በአንድ መስመር «…ባይሆንስ?» የሚል ጥያቄ ጻፍ፣ ከዚያ ግለጠው። ስትሳሳት ትክክለኛውን መልስ አክብበህ አትለፍ፤ የመረጥከው የተሳሳተ ምርጫ የትኛውን ድምዳሜ እየመለሰ እንደነበር ጎኑ ላይ ጻፍ። «ቢበትኑ»ን ትተህ «ይበትናሉ»ን መልሰህ ነበር? «ይጨምራል»ን «በ12 ይጨምራል» አድርገህ አንብበህ ነበር? ሃያ ያህል ስሕተት እንዲህ ከጻፍክ በኋላ ላክልኝ፣ የሚደጋገመውን አብረን እናየዋለን።